ከሚገባው በላይ የተቀነሰ ግብር ለባለቤቱ ይመለስ!



ከመሥሪያ ቤት ጋር ውል ገብታችሁ፣ ሥራውን አስረክባችሁ ሒሳባችሁን ስትቀበሉ ገንዘቡ እጃችሁ ሳይገባ ግብር ይቀነስበታል። ቅናሹ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከመቶ 2 ነበር፤ በ2017 በወጣው ማሻሻያ ከመቶ 3 ሆኗል። ግብር በቅድሚያ መያዙን አንቃወምም። የምንቃወመው ከሚገባው በላይ የተያዘው ገንዘብ መንግሥት ካዝና ውስጥ ተረስቶ መቅረቱን ነው።

ቅናሹ የሚታሰበው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላው ክፍያ ነው። በ2015 የበጀት ዓመት ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር የ2,000,000 ብር የቀለም ቅብ ሥራ የሠራ አንድ የግል ማኅበር እንውሰድ። የተቀነሰበት 40,000 ብር ነው። ወጪው ተቀንሶ ያተረፈው ግን 80,000 ብር ብቻ ቢሆን፣ ከመቶ 30 ሲሰላ ግብሩ 24,000 ብር ነው። ቀሪው 16,000 ብር የማኅበሩ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደሚደነግገው፣ ብልጫው በመጀመሪያ ላልተከፈለ የታክስ ዕዳ ይውላል፤ የተረፈው ዓመታዊ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ በ90 ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ቢዘገይ ወለድ ይታሰብበታል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚዛወረው ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። እንግዲህ «ይዛወርላችሁ» ሲሏችሁ ሳትፈልጉ አትፈርሙ!

መብታችሁ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በደረሰኝ ነው። በእያንዳንዱ ክፍያ የቅናሹን ደረሰኝ እዚያው ተቀበሉ፤ ስማችሁ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁና የገንዘቡ ልክ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። በዓመቱ መጨረሻ ደምራችሁ ከማስታወቂያው ጋር አያይዙ፤ ተመላሹንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዓመታዊ ማስታወቂያው የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ዘጠናው ቀን የሚቆጠረው በዚያ ነው።

ከ2017 ወዲህ ነገሩ ብሷል። የዓመቱ ግብር ከሽያጩ ከመቶ 2.5 እንዳያንስ የሚያስገድድ አነስተኛ አማራጭ ግብር መጥቷል። ይህ ግብር የሚመለከተው ማኅበር ያንኑ ሥራ ዛሬ ቢሠራ 60,000 ብር ይቀነስበታል፤ ግብሩ 50,000 ብር ይሆናል፤ ሊጠይቅ የሚችለው 10,000 ብር ብቻ ነው። 80,000 ብር ካተረፈ ሰው 50,000 መውሰድ ግብር ሳይሆን ቅጣት ነው!

ስለዚህ ብንመረጥ፦
ቅናሹን ወደ ከመቶ 2 እንመልሳለን።
90 ቀን ካለፈ ወለዱ ግብር ከፋዩ ሳይለምን ከተመላሹ ጋር እንዲከፈል እናደርጋለን።
ቀንሶ ደረሰኝ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት ራሱ እንዲጠየቅ እናደርጋለን፤ ሠርቶ አደሩ በሌላው ጥፋት አይቀጣም።

የመንግሥትን ለመንግሥት፣ የሠራተኛውን ለሠራተኛው!