ትኩሳቱ ሲበርድ፦ መረጃን በደረጃ የሚገልጥ የኬዝ ውይይት አመራር

ለነርስ ተማሪዎች የሚቀርብ የኬዝ ውይይት ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። የታካሚዋ ታሪክ፣ የላቦራቶሪ ውጤቷና የበሽታዋ ስም በአንድ ገጽ ተጽፈው ይታደላሉ፤ ለተማሪው የሚቀረው ስሙን ከምልክቶቹ ጋር ማዛመድ ነው። በጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነች ነርስ ግን እንዲህ ያለ ገጽ አይሰጣትም። መረጃውን የምታገኘው በጠየቀችውና በለካችው መጠን፣ ያውም በተለያየ ሰዓት ነው። መረጃን በደረጃ እየገለጡ ማወያየት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ገጽ አራት ቦታ መቁረጥ ብቻውን ፋይዳ የለውም። ቢያንስ አንደኛው ደረጃ ተማሪው ቀደም ብሎ የሰጠውን ፍርድ የሚፈትን መሆን አለበት።

ለዚህ ድሬዳዋ አመቺ ርእስ ትሰጣለች። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ተከስተዋል፤ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ በበጋው ወቅት ታይቷል። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው «ወባ ነው» ብሎ መደምደምም፣ «ወባ አይደለም» ብሎ መሸኘትም ያሳስታል።

ለማስተማሪያነት የሚከተለውን ኬዝ ማዘጋጀት ይቻላል። በመልካ ጀብዱ የምትኖር የ24 ዓመት ሴት፣ ክብደቷ 50 ኪሎ ግራም፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ከጀመራት ሦስተኛ ቀኗ ነው። የሰውነት ሙቀቷ 39.2 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ 104፣ የደም ግፊቷ 110/70 ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ተማሪዎቹ የሚያውቁት ይህንኑ ብቻ ነው። ሌላ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉት እያንዳንዳቸው በወረቀት ይጽፋሉ። ሁለተኛው ደረጃ የሚከፈተው በጥያቄያቸው ነው። የወባ ምርመራ ከጠየቁ ውጤቱ ኔጌቲቭ መሆኑ ይነገራቸዋል፤ ውሃ በቤቷ እንዴት እንደሚጠራቀም ከጠየቁ ክዳን የሌለው በርሜል መኖሩ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ከጠየቁ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ መግዛቷ ይገለጻል። ያልተጠየቀው ሳይነገር ይቀራል። በደንጊ ጥርጣሬ ጊዜ የደም መፍሰስን የሚያባብሰው ይህ መድኃኒት ሳይጠየቅ ከቀረ፣ መዘዙ በኋለኛው ደረጃ መታየት አለበት።

የኬዙ እምብርት ሦስተኛው ደረጃ ነው። ታካሚዋ በአምስተኛው ቀን ተመልሳ «ትኩሳቱ ለቀቀኝ» ትላለች። ሙቀቷ 37.1 ሆኗል። ሦስት ጊዜ አስመልሷታል፣ ሆዷን ያማታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አልሸናችም። የልብ ምቷ 112፣ የደም ግፊቷ 98/82 ነው። ከሙቀቱ ሌላ የማያይ ተማሪ «እየተሻላት ነው» ብሎ ይጽፋል። የላይኛውን ግፊት ከታችኛው ጋር ያነጻጸረ ግን ልዩነቱ ከ40 ወደ 16 መውረዱን ያስተውላል። በደንጊ ፈሳሽ ከደም ሥር ወደ ውጭ የሚያፈተልክበት አደገኛ ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ በሚበርድበት ሰሞን ነው፤ ልዩነቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ የላይኛው ግፊት ገና ባይወድቅም፣ የድንጋጤ ደረጃ ላይ መድረሷን ያመለክታል። አራተኛው ደረጃ ሄማቶክሪቷ ከ38 ወደ 46 በመቶ መውጣቱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የነርሷ ተግባር ይሆናል፦ ሐኪም በአስቸኳይ መጥራት፣ በትእዛዙ መሠረት በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ ግራም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለእርሷ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትና ወዲያው ደግሞ መለካት። ፈሳሹ ያለ ክትትል ቢቀጥል ሳንባዋን ሊያጥለቀልቅ ይችላልና የመጨረሻው ልኬት እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም።

ውይይቱን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መሪው ራሱ ነው። 98/82 የሚለውን ቁጥር «ግፊቷ ጠበብ ብሏል» ብሎ ካቀረበው ማመዛዘኑን ለተማሪው ሠርቶለታል። ትክክለኛ መልስ ሲሰማ ፊቱ ከበራም እንዲሁ። ፈጣኑ ተማሪ ቀድሞ ከተናገረ የሌሎቹ ግምት ይጠፋል፤ ጽሑፉ ከንግግሩ መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው። «እየተሻላት ነው» የሚለው ወረቀት ሳይሰረዝ፣ የጸሐፊው ስም ሳይነሣ ሊነበብና የትኛው ቁጥር እንደሚያፈርሰው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊፈልጉ ይገባል። ዘዴው ሠርቶ እንደሆነ የሚታወቀውም ከእነዚህ ወረቀቶች ነው፤ የመጀመሪያው ግምት እስከ አራተኛው ደረጃ ሳይነካ ከዘለቀ ወይ ኬዙ ምንም አልፈተነም፣ ወይ መልሱ አስቀድሞ ወጥቷል።

አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማድረግ አድካሚ መሆኑ አይካድም። በስድስት በስድስት ከፍሎ ማወያየት ተጨማሪ መሪዎችን ይጠይቃል፤ አራቱን ደረጃዎች በአንድ ሰዓት ለመጨረስ መጣደፍም ሦስተኛውን ይጎዳዋል። ጊዜ ካጠረ አራተኛውን ለሌላ ቀን ማሳደር ይሻላል። ወረቀት የቀዘቀዘ እጅን ማስዳሰስም አይችልም፤ ያ የሚገኘው ከአልጋው አጠገብ ነው። በዚያም ቢሆን እጁን የሚዳስሰው፣ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላም መለካቱን ያላቋረጠ ተማሪ ነው።