አንድ ሰው፥ ሦስት አጻጻፍ

አንድ ሰው በአንድ ስም ተጠርቶ በሦስት ስም ተመዝግቦ መገኘቱ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛ ሲጻፍ ስሙ ያው አንድ ነው። ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ግን ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አንድ መልክ፥ ለፓስፖርት ሠራተኛው ሌላ መልክ፥ ለዲግሪው አታሚ ደግሞ ሦስተኛ መልክ ይይዛል። ባለስሙም ይህን ሁሉ ሳያስተውል ዓመታት ያልፋሉ። የሚያስተውለው በውጭ አገር የሙያ ፈቃድ ለመጠየቅ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን በዘረጋ ጊዜ ነው።

ምክንያቱ የማንም ስንፍና ብቻ አይደለም። የላቲን ፊደል ለ«ጽ» የራሱ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ አንዱ TS፥ ሌላው S ብሎ ይጽፈዋል። ሳድሱንም አንዱ በ I፥ ሌላው በ E ያሰማዋል፥ ሦስተኛው ጨርሶ ይተወዋል። «ወ» አንድ ጊዜ WO፥ አንድ ጊዜ WE ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ጥምር ስም ነው። ወልደ ማርያም፥ ገብረ ሚካኤል፥ ኃይለ ሥላሴ የመሳሰሉት ስሞች ተያይዘውም ተለያይተውም ይጻፋሉ፤ ደግሞም በአማርኛ «ወ/ማርያም» ብለን በእዝባር ማሳጠር ስለለመድን፥ ጸሐፊው ያንኑ ልማድ ወደ ላቲኑ አሻግሮ W/MARIAM ይላል። ይህ እዝባር በአገር ውስጥ ማንንም አያስቸግርም። በውጭ አገር ግን W ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንዲት ነርስ፥ ስሟ ጽጌ ወልደ ማርያም ኃይሌ ነው እንበል፥ በዱባይ የጤና ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝታ ለመሥራት አሰበች። ፓስፖርቷ TSIGE WOLDEMARIAM HAILE ይላል። ዲግሪዋ TSIGIE W/MARIAM HAYLE ይላል። በአገር ውስጥ የተሰጣት የሙያ ፈቃድ ደግሞ TSIGE WELDE MARIAM ብሎ የአያቷን ስም ጨርሶ ትቶታል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ውልና ማስረጃ ሄደው «ሦስቱም ስሞች የእኔ ናቸው» የሚል ቃለ መሐላ ያሠሩና ከማመልከቻው ጋር አያይዘው ይልካሉ። ከዚያም በቀላሉ የሚያልፉ አሉ፤ ጉዳያቸው ተንጠልጥሎ የሚቀርም አሉ።

የሚንጠለጠልበት ምክንያት ይኸውና። ዱባይ የቀረበላትን ወረቀት አይታ ብቻ አታምንም። ዳታፍሎ የሚባለው ድርጅት ዲግሪውን ለሰጠው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ይጽፍና «ይህች ሰው ከእናንተ ዘንድ ተመርቃለችን?» ብሎ ይጠይቃል። ፍርዱ የሚሰጠው ከዩኒቨርሲቲው በሚመጣው መልስ ነው። ጥያቄው በፓስፖርቱ አጻጻፍ ከደረሰ፥ የሬጅስትራሩም ሠራተኛ በዚያው አጻጻፍ ፈልጎ ካጣ፥ «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሠራተኛው አልዋሸም። ቃለ መሐላውም በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የለም። ስለዚህ መታረቅ ያለበት ስም መጀመሪያ የሚታረቀው በምንጩ፥ በሬጅስትራሩ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ቃለ መሐላው ተጨማሪ ምስክር ነው እንጂ ዋና ምስክር አይደለም።

እንግዲህ ከሦስቱ አጻጻፎች መሪው የትኛው ይሁን? እኛ ፓስፖርቱ ይሁን እንላለን። ቪዛውም፥ የአውሮፕላን ቲኬቱም፥ በመጨረሻ የሚሰጠውም ፈቃድ የሚከተለው እርሱን ነውና። ነገር ግን ፓስፖርቱ ራሱ ተሳስቶ ከሆነ፥ ለምሳሌ የአባት ስም ፊደል ጎድሎበት ወይም በሌላ ስም ተተክቶ ከሆነ፥ አስቀድሞ እርሱን በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ ማሳረም ይገባል፤ ይህም ማመልከቻ ከመግባቱና ቪዛ ከመመታቱ በፊት መሆን አለበት። አዲስ ፓስፖርት አዲስ ቍጥር ይዞ ይመጣል፤ በአሮጌው ቍጥር የተጀመረ ጉዳይ ሁሉ እንደገና መታረም ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በአማርኛው ስሙ አንድ ሆኖ በላቲኑ ብቻ ቢለያይ፥ ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ የስም ለውጥ አይደለም። አማርኛው ራሱ ቢለያይ ግን፥ አንዱ ወረቀት «ወልደ ማርያም»፥ ሌላው «ወልዴ» ቢል፥ ደብዳቤ አይበቃም፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ አመልካቹ ከሁሉ በፊት የሚያነጻጽረው አማርኛውን ነው።

ወደ ነርሷ እንመለስ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋና በሙያዋ እገዳ የሌለባት መሆኑን የሚያስረዳው ማረጋገጫ ገና አልተጻፉም፤ ስለዚህ ሲጻፉ ፓስፖርቷን አሳይታ በዚያው አጻጻፍ ታስጽፋቸዋለች። ይህ ምንም ድካም የለውም፤ የሚረሳውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የአገር ውስጥ ፈቃዷን የአያቷን ስም ጨምሮ እንዲታረምላት ለሰጣት መሥሪያ ቤት ታመለክታለች። ዲግሪውን ግን እንደገና ማሳተም ከባድ ስለሆነ፥ ከሬጅስትራሩ ደብዳቤ ትጠይቃለች። ደብዳቤው «ስሟ ትክክል ነው» ብሎ ቢያበቃ ዋጋ የለውም። ሙሉ ስሟን በአማርኛ፥ በዲግሪው ላይ ያለውን አጻጻፍና በፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል፥ የተማሪነት መለያ ቍጥሯን፥ የተመረቀችበትን ዓመትና የትምህርት ዘርፍ መያዝ አለበት። ከዚህም ጋር የደብዳቤው ግልባጭ በግል ማኅደሯ ውስጥ እንዲቀመጥ አጥብቃ ትለምን። ከወራት በኋላ ለዳታፍሎ መልስ የሚሰጠው ሠራተኛ ደብዳቤውን ከጻፈው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ቅጹን በምትሞላበት ጊዜም ሌላ ወጥመድ አለ። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባቱን ስም ይሞላል፥ ሌላው የአያቱን። በዚህ ረገድ የግል አስተያየት ዋጋ የለውም፤ የሚታየው በፓስፖርቱ የፎቶግራፍ ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነበው መስመር ነው። የነርሷ መስመር እንዲህ ቢሆን፦

```
P<ETHHAILE<<TSIGE<WOLDEMARIAM<<<<<<<<<<<<<<<
```

ከ ETH ቀጥሎ ያለው፥ ሁለቱ ምልክቶች እስኪደርሱ ድረስ፥ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተቈጠረው ነው፤ እርሱም የአያቷ ስም ነው። ከሁለቱ ምልክቶች በኋላ ያለው የራሷና የአባቷ ስም ነው። አንዱ ምልክት የቃል መለያያ ነው፤ በ WOLDE እና በ MARIAM መካከል ምንም ስለሌለ፥ ቅጹም ላይ ተያይዞ ይጻፋል። በዚህ መስመር ከላቲን ፊደላት፥ ከቍጥሮችና ከዚህ ምልክት በቀር ሌላ አይገባም፤ ስለዚህ ያ እዝባራችን በዚህ ቦታ የለውም። ለፈተናው ቀጠሮ ሲያዝም እንዲሁ ነው። ፈተና ጣቢያው በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ቀጠሮውን ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያያል፤ ባይገጥም ሊመልሳት ይችላል።

አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ «ስለ አንዲት ፊደል» ብለው የዲግሪውን ምስል በኮምፒዩተር ሲያስተካክሉ አይተናል። ፊደሏ ትንሽ ናት፤ ሥራው ግን ሰነድን መለወጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው በመዝገቡ ያለውን አጻጻፍ ሲልክና የቀረበው ወረቀት ሌላ ሆኖ ሲገኝ፥ መርማሪው የሚጽፈው «የአጻጻፍ ልዩነት» ብሎ ሳይሆን «የተለወጠ ሰነድ» ብሎ ነው። እውነተኛ ዲግሪ ያላት ሰው እንደ ሐሰተኛ ትቈጠራለች።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል። የሬጅስትራር ደብዳቤ በምረቃ ሰሞን ከተጠየቀ በወረፋ ይዘገያል፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስመታቱም የራሱ ቀን አለው። ነርሷ ደብዳቤውን የምትጠይቀው ለዳታፍሎ ክፍያ ከፈጸመች በኋላ ሳይሆን፥ ዱባይን ባሰበችበት ሳምንት ነው።