ሦስቱ ምስክሮችና አራተኛው ልጅ

በአንድ የውርስ ጉዳይ ጠበቃ

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጥግ የተቀመጠውን ወጣት ያየ ሁሉ ዞሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟችን ፎቶ ያይ ነበር። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ሌላው ቀርቶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መቀመጡ ከፎቶው ጋር አንድ ነው። የሟች ሚስት እህት ጠጋ ብላ “የማን ልጅ ነህ?” ስትለው ዝም አለ። የመለሱላት የዕድሩ ዳኛ ናቸው፦ “የጋሼ ልጅ ነው፤ የደሴው።”

ከስድስት ወር በኋላ ይህ ወጣት እኔ ቢሮ መጣ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን እዚህም እዚያም ቀያይሬዋለሁ።) ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ድርሻውን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በር ላይ አቁሞ የፍርድ ቤት ወረቀት አሳየው። የሟች ወራሾች በጋብቻ የተወለዱት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው ይላል ወረቀቱ፤ ማኅተም አለው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ብዙ ሰው “ዲቃላ ስለሆነ ሕጉ አይሰጠውም” ይላል። ተሳስቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 836 ላይ ወራሹ በጋብቻ መወለዱም ሆነ ከጋብቻ ውጭ መወለዱ ወራሽነቱንም ድርሻውንም እንደማይነካ ጽፏል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ሲል ደገመው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በንጉሡ ዘመን የወጣ ነው። እኛ ግን ዛሬም ለቅሶ ላይ እንደ አዲስ እንከራከርበታለን።

የደንበኛዬን ድርሻ በቁጥር ላስላው። ሟች በትዳር ውስጥ ያፈራው ቤት ስምንት ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ግማሹ፣ ማለትም አራት ሚሊዮኑ፣ የሚስቲቱ የጋራ ንብረት ድርሻ ነው። እሱ ከመጀመሪያው ውርስ ውስጥ አይገባም። ቀሪው አራት ሚሊዮን ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል፤ ለደሴውም ለአዲስ አበባዎቹም። ሟች ከማግባቱ በፊት ከአባቱ የወረሰው መሬት ወይም ቤት ካለ ደግሞ የግል ንብረቱ ነውና ሙሉው ለአራት ይከፈላል። ሚስት ያለ ኑዛዜ ከባሏ አትወርስም። ብዙ ባልቴቶች ይህን የሚሰሙት ችሎት ውስጥ ነው፤ የሚደርስባቸው ድንጋጤም አንዳንዴ ወደ ደሴው ልጅ ይዞራል።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ስሙ እንዴት ጠፋ? የወራሽነት ማስረጃ አወጣጡን ያየ አይገርመውም። ልጆቹ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የሞት ማስረጃና የልደት ወረቀት ያያይዛሉ፣ ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ይሆናሉ። ምስክሮቹን የሚመርጡት አመልካቾቹ ናቸው። ዳኛው “ሌላ ልጅ አለው?” ሲል “አላውቅም” ወይም “የለውም” ይላሉ፤ የሚሞግታቸው ተከሳሽ መዝገቡ ላይ የለም። አንዳንዱ ችሎት በጋዜጣ ይጠራ ብሎ ያዛል። ደሴ ያለ ልጅ ግን የትኛውን ጋዜጣ ከፍቶ ይጠብቃል? በእኔ እምነት ሟች አባል የነበሩበት የዕድር ዳኛ ተጠርተው አንድ ጥያቄ ቢጠየቁ ከጋዜጣው ይሻላል። የደሴውን ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ያወቁት እሳቸው አይደሉም?

ማስረጃው ይሰረዛል። ከመዝገቡ ውጭ የቀረ ልጅ መቃወሚያ አቅርቦ እንዲሰረዝለት፣ ውርሱም እንዲካፈልለት መጠየቅ ይችላል። ችግሩ ጊዜው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለው ሦስት ዓመት ነው። “ወንድሞቼ ናቸው፣ ልለምናቸው” እያለ በሽማግሌ ሲመላለስ ሦስቱ ዓመት ያልቃል። ቤቱ በማስረጃው ተሸጦ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳያውቅ የገዛው ሰው በሕግ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ልጁ ቤቱን ትቶ በወንድሞቹ ላይ ገንዘቡን ይከተላል፤ ገንዘቡ ካለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን “አባቴ ነው” የሚለውን ማሳየት አለበት። በጋብቻ የተወለደ ልጅ ይህን ሸክም አያውቀውም፤ የእናቱ ባል አባቱ እንደሆነ ሕጉ ይገምትለታል። እናትና አባት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩም ግምቱ አለ። የእኔ ደንበኛ ሁለቱም የሉትም። ያለው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 143 ነው። አባት የተባለው ሰው አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ጽፎ ከሆነ፣ ወይም እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግና ቀለብ ተካፍሎ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት አባትነቱን ሊያውጅ ይችላል። ስለዚህ ደንበኞቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ፍቅር ታሪኩ አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ማን ስም ላይ ነው? ሪፖርት ካርዱ ላይ “የወላጅ ፊርማ” በሚለው መስመር ላይ የፈረመው ማን ነው? የባንክ ማስተላለፊያ፣ የበዓል ፎቶ፣ ክርስትና የተነሳበት ቀን የነበሩ ሰዎች አሉ?

የስም ነገር ሌላ ወጥመድ ነው። እናት ብቻዋን ስታሳድግ ልጁን በራሷ አባት ስም ታስመዘግበዋለች። ልጁ በወረቀት የአያቱ ልጅ ይሆናል። አንዳንዱ በእንጀራ አባቱ ስም ነው የተማረው። ሃያ ዓመት የተጠራበትን ስም ይዞ ሲመጣ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ የሚያነሳው የመጀመሪያ ነገር መታወቂያው ነው። ያም ሆኖ ይህ በማስረጃ ሊታረም ይችላል። የማይታረመው ሌላው ነው፦ እናቱ ልጁን ስትፀንስ የሌላ ሰው ሕጋዊ ሚስት ከነበረች ሕጉ አባቱ ባሏ ነው ይላል። ይህን የመካድ መብት ያለው በዋናነት ባልየው ሲሆን የተሰጠውም አጭር ጊዜ ነው። እሱ ካልካደ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም፣ ከወላጅ አባቱ ውርስ የሚደርሰው የለም። ይህ ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የትዳሩን ሰላም ለመጠበቅ የታሰበ መሆኑን ግን እረዳለሁ።

አባቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ቀላል መሆኑ ያናድዳል። በሕይወት ሳሉ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደው፣ እናትየው ባለችበት፣ ልጁን መቀበል ይችላሉ። ለሚስት መናገር ካቃታቸው ኑዛዜ ውስጥ “እገሌ ልጄ ነው” ብሎ መጻፍም ይበቃል፤ ኑዛዜ የሚነበበው ከሞቱ በኋላ ነውና። ብዙዎቹ ግን ዝም ብለው በየወሩ ብር ይልካሉ። ያውም በሰው እጅ፣ ደረሰኝ እንዳይኖር።

የደንበኛዬ አባትም እንዲሁ ነበሩ። ሪፖርት ካርዱ ላይ የፈረመው አጎቱ ነው። ብሩን የሚያደርስ የነበረው የአውቶቡስ ሹፌር ሞቷል። ተስፋ ቆርጠን ነበር ማለት እችላለሁ። ባለፈው ሳምንት የዕድሩ ዳኛ ደወሉ። ሟች ዕድር ሲገቡ የሞሉትን ቅጽ አግኝተውታል። “የቤተሰብ አባላት” በሚለው ሥር በሟች እጅ ጽሑፍ የሚስታቸው ስም አለ፤ ሦስቱ ልጆች አሉ፤ በአራተኛው መስመር ላይ ደግሞ የደሴው ልጅ ስም፣ ከጎኑም “ልጅ” ተብሎ ተጽፏል። ታች ፊርማቸው አለ። ቅጹ ከነመዝገቡ እንዲቀርብ ችሎቱ ለኅዳር ቀጥሮናል።