ካህን የሚጠራው መቼ ነው? በሆስፒታል ለተኛ ሕመምተኛ የንስሐና የቁርባን ጊዜን ስለ መወሰን

በደቡብ ጎንደር ደጋ «ቄስ ጥሩለት» የሚለው ቃል በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲነገር ተስፋ የመቁረጥ ምልክት ሆኖ ይሰማል። ስለዚህም አስታማሚዎች ቃሉን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያቆዩታል። ካህኑ ሲደርስ ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ወይም አርፎ ይገኛል፤ የሚቀረውም ጸሎተ ፍትሐት ብቻ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ችግሩ የሆስፒታሉ በር መዘጋት ሳይሆን የጥሪው መዘግየት ነው፤ መፍትሔውም ጥያቄውን ሞት ሲቃረብ ሳይሆን ሕመምተኛው በሚተኛበት ዕለት፣ ለሁሉም ሕመምተኛ እኩል ማቅረብ ነው።

መዘግየቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳ ለመረዳት ሥርዓቶቹ ከሕመምተኛው አካል ምን እንደሚጠይቁ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንስሐ አንደበትንና ንቃተ ኅሊናን ይፈልጋል። ቅዱስ ቁርባን የመዋጥ ችሎታን ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ የሚያስመልስ ሕመም አለመኖሩን። ቀንዲል በመዓርግ ከምሥጢራት አንዱ ሲሆን የሚፈጸመው ለፈውስ ነው እንጂ ለሞት መሰናዶ ብቻ አይደለም። ጸሎተ ፍትሐት ብቻ ከሞት በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ በመጨረሻዋ ሰዓት የተጠራ ካህን ሊፈጽም የሚችለው ከእነዚህ ጥቂቱን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቁርባን ሰዓት ነው። ቅዱስ ቁርባን ለማግሥት ስለማይቆይ ካህኑና ዲያቆኑ ወደ ሕመምተኛው ይዘውት የሚሄዱት በዚያው ዕለት ከተቀደሰው ቅዳሴ ነው። ቅዳሴው ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ሲሆን በሰንበት ግን ጠዋት ነው። ከመቁረብ በፊትም የ18 ሰዓት ጾም አለ። ለጽኑ ሕመምተኛ ይህን ማቅለል የካህኑ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ለውሳኔው ከሐኪሙ የሚገኝ ቃል ያስፈልገዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከላይ ጋይንት የመጣ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያለበት አንድ አርሶ አደር በደብረ ታቦር ሆስፒታል ሰኞ ተኝቷል እንበል። ጠጣር ምግብ አይወርድለትም፤ ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ግን ገና ይውጣል። የንስሐ አባቱ በሀገሩ ናቸው። ልጁ ማክሰኞ ደውሎ ይነግራቸዋል፤ መምጣት ካልቻሉ በከተማው ያለ ካህን እንዲቀበለው ፈቃዳቸውን ይጠይቃል። የከተማው ካህንም የጋብቻውን ሁኔታ ይጠይቃል። በሰማንያ ያገባ ከሆነ መቁረቡ ሚስቱንም የሚመለከት ጉዳይ ስለሆነ ይህ ብቻ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ካህኑ መጥተው ንስሐውን ይቀበላሉ። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት እንዲቆርብ ከተወሰነ፣ የመጨረሻ ምግቡ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው።

እዚህ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ድርሻ ይመጣል። ሕመምተኛው በየአራት ሰዓቱ የሞርፊን ሽሮፕ የሚወስድ ከሆነ በጾሙ ሰዓት ምን ይደረጋል? ሐኪሙ በመርፌ ሊለውጠው ይችላል፤ ወይም ካህኑ መድኃኒቱን ይፈቅዳሉ። የሕመም ማስታገሻውን ዝም ብሎ መዝለል ግን ተገቢ አይደለም፤ በስቃይ የሚንፈራገጥ ሰው አይቆርብም። ሞርፊን ማቅለሽለሽ የሚያመጣበት ከሆነም ማስታወክን የሚከላከል መርፌ አስቀድሞ እንዲሰጠው ይጠየቃል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የሚወስድ ቢሆን ደግሞ ጾሙ ለነርሷ ሳይነገር ቢጀመር ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚስተካከለው ቀድሞ ከተነገረ ነው። ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው ሳምንት ቢያቆየው ግን አርሶ አደሩ ምራቁን እንኳ መዋጥ ሊያቅተው ይችል ነበር።

ስለዚህ አስታማሚው ጥያቄውን ለበር ጠባቂው ሳይሆን ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ማቅረብ አለበት። የሚነግራትም ማን እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደሆኑ፣ በስንት ሰዓትና ምን ለመፈጸም እንደሆነ ነው። ከእርሷም ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕመምተኛው በደንብ መናገር ይችላል? ያለ ትንታ ይውጣል? በዚያ ሰዓት መድኃኒት፣ ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና ተይዞለታል? መልሱ በካርዱ ላይ ከተጻፈና በፈረቃ ርክክብ ከተነገረ የሌሊቷ ተረኛ ነርስ ካህኑን እንደ እንግዳ አትመልሳቸውም። ለበር ጠባቂውም ስማቸው አስቀድሞ ይደርሰዋል።

በክፍሉ ውስጥ የሚያስፈልገው ቦታ ጥቂት ነው፤ ጸጥታው ግን ብዙ ነው። በርካታ አልጋዎች በተደረደሩበት ክፍል ንስሐ ሊሰማ አይገባም። ሕመምተኛው ሊንቀሳቀስ ከቻለ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል፤ ካልቻለ ተንቀሳቃሽ መጋረጃ ይቆማል፣ አስታማሚዎችም ራቅ ይላሉ። ኦክስጅን በሚሰጥበት ቦታ ጧፍ ማብራትና ዕጣን ማጠን ክልክል መሆኑን ካህኑ ከበር ላይ ሳይሆን በስልክ ሊሰሙ ይገባል። ጸበልም ራሱን በሳተ ሰው አፍ አይጨመርም፤ ወደ ሳንባ ይገባል። በመጠኑ መርጨት ግን ይቻላል።

ለሙስሊም ሕመምተኛ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ሸሃዳን ለማስታወስ ሼኽ ግድ አይደለም፤ ዘመድ ይበቃል። የሚያስፈልገው የቅርብ ሰው ከጥየቃ ሰዓት ውጭም አጠገቡ እንዲቆይ መፈቀዱና ከተቻለ ፊቱ ወደ ቂብላ መዞሩ ነው፤ ከደብረ ታቦር ቂብላው ወደ ሰሜን ነው። ከሞት በኋላም አስከሬኑ ሳይዘገይ ለትጥበትና ለቀብር እንዲሰጥ ወረቀቱ ቶሎ ማለቅ አለበት።

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። አንደኛው ሆስፒታል የመንግሥት ተቋም ስለሆነ ሃይማኖት አይመለከተውም የሚል ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ግን ሃይማኖትን የመተግበር ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ገደብ የሚፈቅደውም ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት በሕግ ሲወሰን ነው። «የሃይማኖት አባት እንዲጠራልዎ ይፈልጋሉ? ማንን?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስገድድም፤ «አልፈልግም» የሚለውም መልስ ይመዘገባል። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ተቃውሞ ጥያቄው ሕመምተኛውን ያስደነግጣል የሚለው ነው። ዛሬ የሚያስደነግጠው ለሚሞት ሰው ብቻ ስለሚቀርብ ነው። እግሩ ለተሰበረም ለወለደችም፣ ከአድራሻና ከስልክ ቁጥር ጋር አብሮ ቢጠየቅ ግን የሞት መርዶነቱ ይቀራል። ቤተሰቡም ምርመራውን ከሕመምተኛው ደብቆ ካህን ለመጥራት ከመቸገር ይድናል፤ ሕመምተኛው ፈቃዱን ቀድሞ ራሱ ተናግሯልና።

በዩኒቨርሲቲያችን የጤና ተመራቂዎች ይህን በቀላሉ ሊመዝኑት ይችላሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቀረበበት እስከ ካህኑ መድረስ ያለፈውን ሰዓት፣ ካህኑ ሲደርሱም ሕመምተኛው ይናገርና ይውጥ እንደነበር በአንድ ዋርድ ለተወሰኑ ወራት መመዝገብ ይበቃል። ጥያቄው በመተኛ ዕለት ከተጀመረ በኋላ ምዝገባው ሲደገም፣ ካህን በሰዓቱ የደረሰላቸው ሕመምተኞች ቁጥር ጨምሮ እንደሆነ በግልጽ ይታያል።