የገበያ ቀን ገቢ አያታልልህ

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ ከደቡብ ጎንደር፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የመጣ ነው። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እህቴ አረብ አገር ሠርታ ያጠራቀመችውን 175 ሺህ ብር ሰጥታኛለች። ሞተር ገዝቼ ከጅምላ መደብር ለሱቆችና ለሆቴሎች ዕቃ ላደርስ ነው። እሷ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ ብሯን ትፈልገዋለች። የጓደኛዬን ሞተር ተውሼ ሞክሬዋለሁ። በቀን 1,200 ብር ይገኛል። በወር 36 ሺህ ማለት ነው። በአምስት ወር ዕዳዬን እጨርሳለሁ። ምን ይመስልሃል?»

ወንድሜ፣ ደግነቱ ከደብዳቤህ ጋር የአራት ሳምንት ማስታወሻህን አያይዘሃል። እኔም ስሌቱን የሠራሁት ከዚያው ከማስታወሻህ ላይ ነው። 1,200 ብር ያገኘኸው በአራቱ የገበያ ቀን ብቻ ነው። በ15 ተራ ቀናት በአማካይ 500 ብር ነው ያስገባኸው። በዘጠኙ ቀን ደግሞ ምንም የለም፤ አራት እሑድ፣ ሁለት በዓል፣ አንድ ቀን ሞተሩ ጋራዥ የዋለበት፣ ሁለት ቀን ቤንዚን ያጣህበት። ባዶ የዋልክበት ቀንም ቀን ነውና ይቆጠራል። ስለዚህ የ28 ቀኑ ገቢህ 12,300 ብር ነው፤ በቀን 440 ብር እንኳ አይሞላም።

አሁን ወጪውን እንቀንስ። 23 ሊትር ቤንዚን አቃጥለሃል። ግማሹን ከማደያ፣ ግማሹን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ስለገዛህ አንዱ ሊትር በአማካይ 160 ብር ወጥቶበታል፤ 3,680 ብር። ለዘይት 800 ብር።

ጥገና ላይ ግን «እስካሁን አልተበላሸም» ብለህ ዜሮ ጽፈሃል። ጎማ፣ ካቴናና የፍሬን ሸራ እኮ የሚያልቁት በየቀኑ ነው፤ ገንዘቡ የሚጠየቀው ግን አንድ ቀን በድንገት ነው። ለምሳሌ የኋላ ጎማ 6,000 ብር ቢሆንና ስምንት ወር ቢያገለግል፣ በወር 750 ብር በልቷል ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የሁሉንም ስደምር 1,800 ብር መጣልኝ። ለኢንሹራንስና ለቦሎ የዓመቱን አካፍለን 500 ብር እንያዝ። ጠቅላላ ወጪው 6,780 ብር ሆነ። የተረፈህ 5,520 ብር ነው።

ታዲያ እሱም ሁሉ ያንተ አይደለም። ሞተሩን 160 ሺህ፣ ታርጋውን፣ ሄልሜቱንና የዕቃ መጫኛውን 15 ሺህ ብለሃል። አዲስ አድርገህ የገዛኸው ሞተር ከሁለት ዓመት በኋላ ምናልባት 100 ሺህ ብር ያወጣ ይሆናል። እህትህን ለመመለስ የጎደለውን 75 ሺህ ብር በሁለት ዓመት ውስጥ ማጠራቀም አለብህ። ይኸውም በየአራት ሳምንቱ 2,885 ብር ነው። ለምግብህ፣ ለቤት ኪራይህና ለልብስህ የሚቀርልህ 2,635 ብር ብቻ! ይህን ሳታስቀምጥ የበላህ እንደሆነ፣ የበላኸው ትርፍ ሳይሆን የእህትህን ብር ነው።

ስለዚህ ዛሬ አትግዛ እልሃለሁ። ጨርሶ ተው ማለቴ ግን አይደለም። ለኑሮህ 5,000 ብር ይበቃኛል ካልክ፣ በ28 ቀን ውስጥ ወደ 14,700 ብር ማስገባት አለብህ። አሁን የጎደለህ 2,400 ብር ነው። እሱን ከገበያ ቀን አትጠብቅ፤ ያን ቀን አንተም ሞተሩም ሞልታችኋል። ክፍተቱ ያለው በተራዎቹ 15 ቀናት ነው፤ በእያንዳንዳቸው 160 ብር ብትጨምር ይሞላል። ማስታወሻህን ተመልከተው፤ ዕቃ አድርሰህ ስትመለስ ባዶህን ነው የምትመጣው። የሄድክበትን ቤንዚን ለመመለሻውም ከፍለሃል። በዚያው መስመር እንቁላል፣ ማር ወይም ባዶ ጠርሙስ ወደ ከተማ የሚልክ ቋሚ ደንበኛ ብታገኝ፣ ጭማሪው ከሞላ ጎደል ያለ ተጨማሪ ቤንዚን ነው። ጓደኛህን ለምነህ ሌላ አራት ሳምንት ሞክር። ድምሩ 14,700 ከደረሰ ግዛ፤ ካልደረሰ ብሩ ባንክ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለከሉ፣ በሞተር እንጀራ የሚበሉ ወጣቶች ሥራቸው በአንድ ጊዜ ቆሟል። መመሪያ ይለወጣል፣ መንገድም ይዘጋል። ሞተሩ ለአንድ ወር ቢቆም ያ የ2,885 ብር ቁጠባ ከየት ይመጣል? መልሱን ከመግዛትህ በፊት እወቀው።

ለእህትህም ይህንን ስሌት እንዳለ ላክላት። ብሩ የሷ ነውና ብታውቀው ይሻላል። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።