«ማክሰኞ ጠዋት» ማለት ስንት ሰዓት ነው?

ዛሬ ስለ ሰልፍ ልጽፍ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ትንሽ ሒሳብ አለች 😀

እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል አላት። ጤና ጣቢያው በሰጣት የቀጠሮ ካርድ ላይ የተጻፈው ቀን ብቻ ነው። ሰዓቱን ስትጠይቅ «ጠዋት ይምጡ» ነው መልሱ። በዚያ ቀን የተቀጠሩት ሁሉ የተባሉት ያንኑ ነው። ስለዚህ ሁሉም 1፡30 ላይ በር ላይ ናቸው። ጥበቃው ተራ ቁጥር ያድላል፣ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራል፣ ቀኑ በዚህ ይጀመራል።

ቁጥሮቹን ለሒሳቡ እንዲመቹ ልውሰዳቸው። 60 ባለቀጠሮ አለ፣ የሚያዩት ሁለት ጤና መኮንኖች ናቸው፣ ለአንድ ሰው 8 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ሥራ የሚጀመረው 2፡30 ነው። ሁለቱ በሰዓት 15 ሰው ያያሉ፣ 60ው በ4 ሰዓት ያልቃል፣ ማለትም 6፡30 ላይ። መሀል ላይ ያለው 30ኛው ሰው የሚገባው 4፡22 ገደማ ነው። ለ8 ደቂቃ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጠ ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ አምስት ሰዓት ያህል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ካርዱ ላይ ከቀኑ ጎን ሰዓት ይጻፍ፦ ለ15ቱ 2፡30፣ ለ15ቱ 3፡30፣ ለ15ቱ 4፡30፣ ለቀሩት 5፡30። ባለሙያ አልተጨመረም፣ ክፍል አልተሠራም፣ ሥራውም የሚያልቀው ያው 6፡30 ላይ ነው። ግን በሰዓቱ የመጣ ሰው ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚጠብቀው። ልዩነቱ ያለው እስክሪብቶው ላይ ነው!

የስኳር ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ለምርመራ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ አሉ። ሌሊቱን ጾመው አድረው እስከ 5 ሰዓት ሳይበሉ ማቆየት አደገኛ ነው፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ የ2፡30ው ምድብ ለእነሱ ይሁን። ግፊትም ቢሆን ከመለካቱ በፊት ቢያንስ 5 ደቂቃ በጸጥታ መቀመጥ ይጠይቃል። «ተራዬን ቀሙኝ» እያለ ሲጨቃጨቅ ቆይቶ የገባ ሰው ላይ የሚነበበው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ካርድ ክፍሉንም አትርሱ። የነገ ባለቀጠሮ ማን እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ጋብ ሲል የ60ውን ካርድ አውጥቶ በየሰዓቱ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። የጠፋ ካርድም ካለ ያኔውኑ ይታወቃል፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ሳለ አይደለም።

«ያለቀጠሮ የሚመጣውስ?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። በሰዓት 15ቱንም ቦታ በቀጠሮ ከሞላነው አንድ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሲመጣ ሁሉም ይዛነፋል። ስለዚህ 12 ብቻ መቅጠርና 3 ቦታ ክፍት መተው ያስፈልጋል። ያኔ 48 ባለቀጠሮ ነው የሚስተናገደው፣ 12ቱ ወደ ሌላ ቀን ይሄዳሉ። ይሄ ዋጋ ነው፣ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ድንገተኛ ሕመምተኛማ መቼም ቢሆን ቀድሞ ይግባ።

ነገሩን የሚያበላሸው ግን ሌላ ነው፦ መታመን። የ5፡30 ቀጠሮ ያለው ሰው 1፡30 መጥቶ፣ ጥበቃው «ቀድመው መጥተዋል» ብሎ በፊት ካስገባው፣ በሚቀጥለው ወር ሁሉም 1፡30 ይመጣል። በቃ፣ ሰዓት መጻፉ እዚያው አለቀ። «የእርስዎ ሰዓት 5፡30 ነው፣ አረፍ ብለው ይምጡ» ብሎ በትሕትና መጽናት ያስፈልጋል፣ ለዘመድም ለሠራተኛም ሳያዳሉ። ትራንስፖርት አጥቶ 20 ደቂቃ የዘገየውን ደግሞ ወደ ሌላ ቀን አለመመለስ፣ በሚቀጥለው ሰዓት ውስጥ ማስገባት። መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅም የመጣበትንና የተጠራበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ መመዝገብ ይበቃል።

ይሄ ለባንክ አይሠራም፣ እዚያ ቀጠሮ የለማ። ባንክ ውስጥ የሚያናድደኝ በየመስኮቱ የተለያየ ሰልፍ መኖሩ ነው። አንዱ ጆንያ ብር ሊያስገባ ከፊትህ ከቆመ አበቃልህ። አንድ ሰልፍ ሆኖ ክፍት ወደሆነው መስኮት መሄድ ነው መፍትሔው፣ ተራ ቁጥር የሚሰጡት ቅርንጫፎች ይሄን ነው የሚያደርጉት። ወረዳ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተሰልፈህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «የመታወቂያህ ፎቶ ኮፒ የታለ?» ትባላለህ። የሚያስፈልገው ወረቀት ዝርዝር በሩ ላይ ቢለጠፍ፣ አንድ ሠራተኛም በየግማሽ ሰዓቱ ሰልፉ መሀል እየዞረ የጎደለ ቢያይ፣ ያ ሁሉ ሰው ሁለቴ ባልተሰለፈ ነበር።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የክትትል ቀናችሁ ላይ ይሄን መሞከር የሚከለክላችሁ ምንድን ነው? ውስጡን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ የሳትኩት ካለ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።