«ቀጣይ ጥያቄዬ» ባንል?

ቪዲዮ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ሰሞኑን አንዱ ልጅ 14 ጥያቄ ጽፎ ላከልኝ። አጋሮ አካባቢ አንድ አዛውንት የቡና ገበሬ በካሜራ ሊያነጋግር ነው። ጥያቄዎቹ መጥፎ አልነበሩም። ግን እንደ ፈተና ወረቀት ተራ በተራ ከተነበቡ ሰውየውም እንደ ተፈታኝ ነው የሚመልሱት፤ አጭር መልስ፣ ዝምታ፣ አጭር መልስ፣ ዝምታ።

መጀመሪያ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የመሬት ስፋት የሚሉትን አራቱን አወጣናቸው። እነሱን አቅራቢው ራሱ በመግቢያው ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራቸዋል። ከቀሩት ውስጥ ግማሾቹ አንድ ነገር በተለያየ ቃል የሚጠይቁ ነበሩ። ለ10 ደቂቃ ቪዲዮ አምስት ጥያቄ ይበቃል ባይ ነኝ።

ዝርዝሩ የሚጀምረው ደግሞ ከዋጋ ነበር። ገና ሳይላመዱ ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ይጠነቀቃል፤ ቪዲዮውን ጎረቤትም ነጋዴም ያየዋላ! ስለዚህ ቡናው የሚሄድበትን መንገድ ተከተልን፦ ለቀማ፣ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ ሽያጭ፣ በመጨረሻ ዋጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «እሺ፣ ቀጣይ ጥያቄዬ...» ማለት የተመለሰልህን እንዳልሰማህ መናገር ነው። መሸጋገሪያ የሚወጣው ከእንግዳው ከራሱ ቃል ነው። የሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን «የጨዋታ እንግዳ» የሰማ ሰው ይገባዋል፤ መዓዛ ብሩ ስትጠይቅ ጨዋታ ነው የሚመስለው። ወረቀቱ ላይ «የቡና ጥራት በምን መልኩ ይጠበቃል?» የሚል ነበር። እንዲህ ሆነ፦

«አባባ፣ ቀዩን ብቻ ነው የምንለቅመው አሉኝ። አንድ ዛፍ ላይ ግን ቀይም አረንጓዴም አብሮ አለ። ታዲያ ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ?»

ከዚያ፦ «ይህን ያህል የደከሙበት ቡና አልጋ ላይ እያለ ዝናብ ቢመጣስ?» ከዚያም፦ «ደረቀ እንበል። ጀንፈሉን ለማን ነው የሚሸጡት?» ወደ ዋጋ የምንገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ እሳቸው ራሳቸው ያነሱት ይሆናል።

ግን «የለም ልጄ፣ ለቃሚ ስለማይገኝ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምንለቅመው» ቢሉስ? የተዘጋጀው መሸጋገሪያ ወደቀ። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መንገድ የጻፍነው። ለዚህኛው መልስ «የለቃሚ ነገር ካነሱ አይቀር፣ ድሮ ማን ነበር የሚለቅምልዎ?» የሚል አለ። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን «ለቃሚ፣ ድሮ» ብቻ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ዓይን ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ተመልካች ደግሞ ወዲያው ያውቃል።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። ሰውየው የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። በአስተርጓሚ ከተጠየቁ፣ ይዘን ልንሻገርበት ያሰብነው ቃል መሀል መንገድ ላይ ይጠፋል። በኦሮምኛ ይጠየቁ፣ አማርኛው ከሥር ይጻፍ። ልጁ ኦሮምኛው ጥሩ ነው፤ ካርዶቹን እንደገና እየጻፋቸው ነው።